አርባ ዓመት ለከበደው ሰው የልደት መልእክት እንዴት ይጻፋል

አርባኛ ልደቱን የሚፈራ ሰው መልእክት ሲደርሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቁጥሩ ላይ ነው። «እንኳን ለ40ኛ ዓመትህ አደረሰህ» ብሎ የጻፈለት ወዳጅ በፍጹም ቅንነት ነው የጻፈው፤ ተቀባዩ ግን ወራት ሙሉ ላለማሰብ ሲታገለው የከረመውን ነገር በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ምርቃትና ምስጋና ምንም ያህል ቢያምር በዚያ ቁጥር በኩል ነው የሚነበበው። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚጻፍ መልእክት ከተለመደው የልደት መልእክት የሚለየው በአንድ ነገር ነው። የተለመደው መልእክት ዓመቱን ያከብራል፤ ይህኛው ዓመቱን ወደ ጎን ትቶ ስለ ሰውዬው ብቻ ይናገራል።

በ39 ዓመት ከ364 ቀንና በ40 ዓመት መካከል በሰው አካል ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። የሚለወጠው ሂሳብ ነው። ሰው ዕድሜውን በዐሥር በዐሥር ስለሚከፍለው፣ አንዱ ዐሥር ሲዘጋ ምን ሠራሁ፣ ምን ቀረኝ የሚል ጥያቄ ይነሣል። አዳም ኦልተርና ሃል ሐርሽፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው በ9 የሚያልቅ ሰዎች፣ ማለትም 29፣ 39 ወይም 49 የሆናቸው፣ ስለ ሕይወታቸው ትርጉም ከሌሎች ይልቅ አብዝተው እንደሚያሰላስሉ ጽፈዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ማራቶን ከሚሮጡ ሰዎች መካከልም እነዚህ በርከት ብለው ተገኝተዋል። ከጥናቱ ስሌቶች አንዳንዶቹ በኋላ በሌሎች ተመራማሪዎች ጥያቄ ተነሥቶባቸዋል፤ ቢሆንም ለመልእክት ጸሐፊ የሚጠቅመው ፍሬ ነገር ግልጽ ነው። ሂሳቡ የሚጀመረው በልደቱ ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ነው። መልእክቱ የሚደርሰው እንግዲህ ነገሩን ለወራት ሲያወጣ ሲያወርድ ለቆየ ሰው ስለሆነ፣ በሁለት መስመር ሐሳቡን ለማስቀየር መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ፍርሃቱ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱን የሚያስጨንቀው መልኩ ነው፤ ጺሙ ላይ የበቀለው ሽበት፣ ወይም ስልኩን ለማንበብ ክንዱን መዘርጋት መጀመሩ። ይህ ሁለተኛው በእርግጥም በአርባዎቹ መጀመሪያ የሚከሰት ነገር ነው፤ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ሲሄድ ቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ ማየት ይቸግራል። ሌላውን የሚያስጨንቀው ያልተፈጸመ ነገር ነው። በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ሲመዘገብ 27 ዓመቱ የነበረ ሰው በ2018 ዓ.ም. አርባ ይሞላዋል፤ ቤቱ ካልደረሰው አርባ ማለት ለእርሱ ከምንም በላይ በኪራይ ቤት ያለፉ ዓመታት ቁጥር ነው። በሃያዎቹ ዕድሜዋ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ጅዳ ሄዳ፣ ወንድሞቿን አስተምራ፣ ለወላጆቿ ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ደግሞ የራሷ የምትለው ዕድሜ የት እንደገባ የምትጠይቀው በዚህ ጊዜ ነው። አባቱ በ41 ዓመቱ የሞተበት ሰውም አለ፤ የእርሱ ፍርሃት ከሽበትም ከቤትም ጋር አይገናኝም። የሆነ ሰው ደግሞ ዕድሜው ምንም አይመስለውም፤ የሚጠላው በሰው ፊት ተነሥቶ ሻማ ማጥፋትን ነው።

እነዚህን መለየት የሚያስፈልገው አንዱን የሚያጽናና ቃል ሌላውን ስለሚያቆስል ነው። «ኧረ ገና ልጅ ነሽ፣ ማንም አርባ አይልሽም» የሚለው ቃል መልኳ ላሳሰባት ሴት ለጊዜው ደስ ሊል ይችላል፤ ልጅ ሳትወልድ ዕድሜዋ እየሄደ ነው ብላ ለምትጨነቅ ሴት ግን ከነገሩ ጋር ጨርሶ አይገናኝም። አባቱን በወጣትነት ላጣ ሰው «ገና ብዙ ዓመት አለህ» ማለት ደግሞ እርሱ ሌሊት ሌሊት የሚጠራጠረውን ነገር በቀልድ ማረጋገጥ ነው። የፍርሃቱን ምንጭ ለማወቅ መጠየቅ ግድ አይደለም። ሰውዬው በቅርብ ወራት ምን እያለ እንደቀለደ ማስታወስ ይበቃል፤ ስለ ጉልበቱ ነው፣ ስለ ባንክ ደብተሩ ነው ወይስ ስለ እናቱ ጥያቄ? ምንጩ ካልታወቀ፣ መልእክቱ የትኛውንም ሳይነካ እንዲያልፍ አድርጎ መጻፍ ነው፤ ይህም የሚቻል ነገር ነው።

በአማርኛ መልካም ምኞት የሚነገረው በምርቃት ነው፤ ትልቁ ችግርም እዚህ ላይ ነው። «ዕድሜ ይስጥሽ»፣ «ለከርሞ በሰላም ያድርስሽ»፣ «ጤና ይስጥሽ» የሚሉት ማንንም አይጎዱም፤ ሰው ሁሉ ይቀበላቸዋል። «ወልደሽ ሳሚ»፣ «ወግ ማዕረግሽን ያሳየን»፣ «በሚቀጥለው ዓመት ከነባልሽ ያድርስሽ» የሚሉት ግን ገና ሲጀመር የጎደለ ነገር አለ ብለው የሚነሡ ምርቃቶች ናቸው። በ25 ዓመት ሲነገሩ ተስፋ የነበሩት እነዚሁ ቃላት በ40 ዓመት ሲነገሩ ሂሳብ መጠየቂያ ይሆናሉ። የተናገረችው አክስት ልቧ ንጹሕ መሆኑን ተቀባይዋ ታውቃለች፤ ስለዚህም «አሜን» ትላለች፣ ከዚያም ስልኩን ትዘጋለች። ምርቃት መተው ለአማርኛ ተናጋሪ ይከብዳል፣ መልእክቱንም ደረቅ ያደርገዋል። የሚሻለው ሰውዬው አሁን ባለው ነገር ላይ መመረቅ ነው። «እጅሽ ይባረክ»፣ «ደስታሽን ያብዛልን»፣ «አንቺን ያኑርልን» የሚሉት የጎደለውን አይቆጥሩም።

ቀልድ ሌላው ወጥመድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአርባኛ ልደት ጥቁር ፊኛ መስቀልና ኬኩን በመቃብር ድንጋይ ቅርጽ ማስጌጥ የታወቀ ልማድ ነው፤ ለዚሁ ተብለው የሚታተሙ የቀልድ ካርዶችም በየሱቁ አሉ። ልማዱ በዚያ ለሚኖሩ ሐበሾችም አዲስ አይደለም። አማርኛው የራሱ ቀልድ አለው፤ «ሽማግሌ ሆንክ»፣ «ከእንግዲህ ከዘራ ይገዛልህ»፣ «ዳገቱን ጨረስሽ»። በአማርኛ የሚከብድ ተጨማሪ ነገርም አለ። ሰው በሞተ በአርባኛው ቀን ተዝካር ስለሚወጣለት «አርባህን ልናወጣ ነው» የሚለው ቀልድ በጓደኞች መካከል ሲወረወር ይሰማል፤ ሞትን አስቦ ለሚጨነቅ ሰው ከዚህ የባሰ የልደት ቃል አይገኝም። ቤካ ሌቪ የተባለች የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ስለ ራሳቸው እርጅና በጎ አመለካከት የነበራቸው ሰዎች ክፉ አመለካከት ከነበራቸው ሰዎች በአማካይ ሰባት ዓመት ተኩል ያህል አብልጠው እንደኖሩ ጽፈዋል። አንድ ቀልድ የሰው ዕድሜ ያሳጥራል ማለት አይደለም። ነገር ግን ሰው ስለ እርጅና ያለው አመለካከት የሚገነባው በየዕለቱ ከሚሰማው ነው፤ የልደት ቀን ደግሞ በአንድ ጊዜ ከብዙ ሰው የሚሰማበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳስተው ተቀባዩ ራሱ በራሱ መቀለዱ ነው። «አረጀሁ እኮ» የሚል ሰው እናንተም በሉት ማለቱ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀልደው ሌሎች ሳይቀልዱበት ነገሩን በእጁ ለማድረግ ነው። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ኧረ ምን አርጅተሃል!» ነው፤ መልካም ቢመስልም ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ማርጀት የሚካድ ነውር እንደሆነ ያረጋግጣል። ሁለተኛ፣ ወሬውን ይዘጋል፤ ሰውዬው ከቀልዱ በስተጀርባ ሊል የፈለገው ነገር ካለ ከዚያ በኋላ አይለውም። «እንዴት ነው ይሄ አርባ የሚሉት፣ ከበደህ እንዴ?» የሚል ጥያቄ ግን በሩን ክፍት ይተዋል። ይህ ጥያቄ ቦታው በቃል ወሬ ላይ እንጂ በልደት መልእክት ውስጥ አይደለም።

አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች የሚለይበት ሌላም ጉዳይ አለ፤ የመጠሪያው ነገር። ሰው አርባ መግባቱን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከመስታወት ሳይሆን ከሰው አጠራር ነው። የታክሲ ረዳቱ «ፋዘር፣ ጠጋ በል» ሲለው፣ የሱቁ ልጅ «እናት» ሲላት፣ አዲስ የተቀጠረው ወጣት «አንቺ» ማለቱን ትቶ «እርስዎ» ሲላት። ስለዚህ በልደት መልእክት ላይ አጠራር መቀየር አይገባም። ትናንት «አንተ» ሲባል የኖረ ጓደኛ ዛሬ ለቀልድ «ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎ» ቢባል፣ ከጓደኛነት ወደ ሽማግሌነት በአንድ ቃል ተሻግሯል። በተቃራኒውም እንደዚያው ነው። ሁልጊዜ «እርስዎ» የሚባሉ አለቃ «ገና ወጣት ነህ» ለማለት ተብሎ «አንተ» ቢባሉ አክብሮታቸው የተነካ ይመስላቸዋል። የወትሮው አጠራር እንዳለ ሲቀጥል ነው ለተቀባዩ ምንም እንዳልተለወጠ የሚነግረው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይቻላል። ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም. የተወለደች ሴት ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. አርባ ትሞላለች። አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ አላገባችም፤ ባለፉት ወራት «ልደት የሚባል ነገር ዘንድሮ እንዳትጠሩብኝ» ስትል ከርማለች። መልእክቱን የምትጽፍላት ዩኒቨርሲቲ ሳሉ አንድ ዶርም የነበሩ፣ አሁን ዋሽንግተን የምትኖር ጓደኛዋ ናት። መጀመሪያ ወደ እጇ የሚመጣው እንዲህ ያለው ነው፦

«እንኳን ለ40ኛ ዓመትሽ አደረሰሽ! እንግዲህ አንቺም ትልቅ ሰው ሆንሽ። ስታዪ ግን 25 ነው የምትመስይው። ፈጣሪ ለከርሞ ከነባልሽ ያድርስሽ።»

አራት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ አራቱም ስለ ዕድሜዋ ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥሩን ይጠራል፣ ሁለተኛው ይቀልድበታል፣ ሦስተኛው ይክደዋል፣ አራተኛው በዚያ ዕድሜ ሊኖራት ይገባ የነበረውን ይቆጥራል። ሴትየዋ ራሷ፣ ሥራዋ፣ ጠባይዋ፣ ለጓደኛዋ ያደረገችው ነገር አንድ ቦታ የለም። ይህን መልእክት ከስሟ በቀር ምንም ሳይቀይሩ ለሌላ ማንኛዋም የአርባ ዓመት ሴት መላክ ይቻላል። የመጥፎ መልእክት ዋና መለያም ይህ ነው፤ ስሙ ቢነሣ ለማን እንደተጻፈ አይታወቅም።

ጓደኛዋ ይህን አንብባ ብትተወውና ለማጽናናት ብትሞክር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦

«አትጨነቂ፣ ዕድሜ ቁጥር ነው። ሕይወት የሚጀምረው በአርባ ነው ይባላል። ሁሉም በጊዜው ይሆናል።»

ይህ ከመጀመሪያው ይሻላል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ግን አይሻልም። «አትጨነቂ» ማለት ተጨንቀሻል ማለት ነው፤ ምናልባት ያን ቀን ጠዋት ረስታው ተነሥታ ሊሆን ይችላል። ሕይወት በአርባ ይጀምራል የሚለውን አባባል ዋልተር ፒትኪን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1932 በዚያው ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው እንዲታወቅ አድርጎታል፤ ከዚያ ወዲህ በየካርዱና በየግድግዳው ስለተጻፈ ተቀባዩ ገና ሳያነበው ያውቀዋል። ከዚህም በላይ፣ ሕይወት አሁን ከጀመረ ያለፈው አርባ ዓመት ምን ነበር? ያን ዘመን ሠርታ፣ ደክማ፣ ሰው ረድታ ላሳለፈች ሴት አባባሉ ማጽናኛ መስሎ የኖረችውን ያራክስባታል። «ሁሉም በጊዜው» የሚለው ደግሞ ከነባልሽ ያድርስሽ ማለትን በለሰለሰ አፍ መድገም ነው።

ሦስተኛው ሙከራ የሚጀምረው ከሌላ ጥያቄ ነው። ይህች ሴት ባለፈው አንድ ዓመት ምን አደረገች? ጓደኛዋ ስታስብ አንድ ነገር ታገኛለች፤ እናቷ አዲስ አበባ ሆስፒታል በገባችበት ወቅት ሌሊቱን አጠገቧ ያደረችው ይህችው ሴት ነበረች። ከዚያ መልእክቱ ራሱ ይመጣል፦

«እንኳን ተወለድሽልኝ። ክረምት ላይ እማዬ ሆስፒታል በገባችበት ሳምንት እኔ እዚህ እንቅልፍ የወሰደኝ አንቺ አጠገቧ ስለነበርሽ ነው። እስከ ዛሬ ‹ያቺ ልጅ ያመጣችልኝ አጥሚት› እያለች ታወራለች። ቅዳሜ እደውልልሻለሁ፤ ካልተመቸሽ አታንሺው። ቅዱስ ሚካኤል ይጠብቅሽ።»

ልደቷ አልተሸሸገም፤ «እንኳን ተወለድሽልኝ» የሚለው ቃል በግልጽ ያነሣዋል። ነገር ግን የሚያከብረው መወለዷን እንጂ ስንት ዓመት እንደሞላት አይደለም። መሐሉን የያዘው አንድ የተደረገ ነገር ነው፤ ሆስፒታሉ፣ ሳምንቱ፣ አጥሚቱ። «ደግ ነሽ» የሚል ቃል ባይኖርበትም ደግነቷ ከነማስረጃው አለ። የተመረጠው ትዝታ የቅርብ መሆኑ ሳይታሰብበት አልቀረም። የዶርም ዘመን ትዝታ ቢሆን ኖሮ «ያኔ እንዴት ደስ ይል ነበር» የሚል ጥላ ያጠላበት ነበር፤ ዕድሜው የከበደውን ሰው የሃያ ዓመት ፎቶ እያሳዩ ማስደሰት ያስቸግራል። የመጨረሻው ምርቃት ከቀኑ የመጣ ነው፤ ኅዳር 12 የቅዱስ ሚካኤል ክብረ በዓል ስለሆነ ማንም ሳይገረም ለሁሉም የሚባል ነው። የስልኩ ነገርም የተመዘነ ነው። ቃል ይገባል፣ አያስገድድም፣ ቀኑም ከልደቱ የተለየ ነው።

ይህ መልእክት ወደ ሠላሳ ቃላት ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ ቢረዝም ሴትየዋ ረጅም መልስ የመጻፍ ዕዳ ይገባባት ነበር፤ ቀኑን በጸጥታ ለማሳለፍ ለፈለገ ሰው መልስ መጻፍ ራሱ ሸክም ነው።

ሃይማኖተኛ ለሆነ ሰው አርባ ራሱ የተከበረ ቁጥር ሊሆን ይችላል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ላይ ሙሴ ወንድሞቹን ሊጎበኝ በልቡ ያሰበው አርባ ዓመት ሲሞላው እንደነበር ተጽፏል። በእስልምና ነቢዩ ሙሐመድ የመጀመሪያው ራእይ የመጣላቸው በአርባ ዓመታቸው ነው፤ በቁርኣን ሱረቱል አሕቃፍ ላይም አርባ ዓመት የደረሰ ሰው የሚያቀርበው ዱዓ አለ። ራሱ እንዲህ ያለውን ነገር ለሚያነሣ ሰው ይህን ማስታወስ ከማንኛውም የካርድ አባባል የበለጠ ክብደት አለው። ካላነሣው ግን ስብከት ስለሚመስል ይቅርበት።

ቀኑን ማወቅ ቀላል ቢመስልም በሁለት አቆጣጠር መካከል ለሚኖር ሕዝብ ቀላል አይደለም። ኅዳር 12 አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 21 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት በኋላ ባለው ዓመት ግን ኖቬምበር 22 ይሆናል፣ በ2016 ዓ.ም. እንደሆነው። ፌስቡክ የሚያስታውሰው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው። ከስደት ማመልከቻ ጋር ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈላቸውም አሉ፤ በየዓመቱ በዚያ ቀን የሚጎርፈው መልእክት የእነርሱ አይደለም። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ዕድሜ ላይ የሚፈጠረው ነው። የ1978ቷን ልጅ ዕድሜ ከ2025 ላይ ቀንሶ «47ኛ ዓመትሽን» ብሎ የሚጽፍ የሩቅ ዘመድ አይጠፋም፤ አርባን ለምትፈራ ሴት ሰባት ዓመት ጨመረላት። ቁጥር አለመጻፍ ከዚህ አደጋም ያድናል።

ሰዓቱም ይታሰብበታል። በኖቬምበር ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በዋዜማው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የተላከ መልእክት አዲስ አበባ የሚደርሰው በልደቱ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ለተራ ልደት እኩለ ሌሊት ላይ ቀድሞ መጻፍ የፍቅር ምልክት ነው። ቀኑን ለሚፈራ ሰው ግን ጠዋት ሥራ ከገባ በኋላ፣ እጁ አንድ ነገር ላይ እያለ የሚደርሰው ይሻላል፤ ሌሊት ብቻውን ተኝቶ የሚያነበው ብዙ ያሳስባል።

ከግል መልእክት ይልቅ የሚያስቸግረው የጋራው ነው። በመሥሪያ ቤት የቴሌግራም ግሩፕ አንዱ «የዛሬዋ ባለልደት!» ብሎ ኬክና የ4 እና የ0 ሻማ የያዘ ሥዕል ከለጠፈ፣ ከኋላው ሠላሳ ሰው ያንኑ ይደግመዋል። እዚያ ውስጥ የመጀመሪያው መልእክት የሌሎቹን ሁሉ መልክ ይወስናል። ስለዚህ የሰውየውን ስሜት የሚያውቅ ባልደረባ ካለ ቀድሞ ቢጽፍ፣ ቁጥርም ሥዕልም ሳይጨምር «መልካም ልደት፣ ሰኞ የጨረስሽው ሪፖርት ሁላችንንም አሳርፎናል» የሚል ነገር ቢያስቀምጥ፣ ቀጣዮቹ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ መንገድ ይከተላሉ። ድንገተኛ ድግስ ግን ለዚህ ዓይነት ሰው ጨርሶ አይደገስም። የድሮ ፎቶ ፈልጎ በይፋ መለጠፍም እንደዚያው፤ ሥሩ ላይ «ዋው፣ እንዴት ተለወጥሽ» የሚል አስተያየት መምጣቱ አይቀርም።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ «ልደቴን አታንሡብኝ» ሲል የምሩን ነው። አባቱ በዚያ ዕድሜ የሞተበት ሰው እንዲህ ካለ ቃሉ ይከበራል። ዝም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን ቀን ከማንም ሳይሰማ የዋለ ሰው ተረሳሁ ማለቱ አይቀርም። በዚያ ቀን ልደት የሚል ቃል የሌለበት መልእክት መላክ ይቻላል። «ዛሬ አስቤህ ዋልኩ። እሁድ ቡና እንጠጣ?» ቢባል ተቀባዩ ለምን በዚያ ቀን እንደተጻፈ ይገባዋል፤ ቃሉ እንደተጠበቀለትም ያያል።

ፍርሃቱ ከመጥላት አልፎ የሚሄድበት ጊዜም አለ። እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የራቀ፣ ሥራውን የተወ፣ «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ሰው የሚያስፈልገው በደንብ የተጻፈ መልእክት አይደለም። ያኔ ደውሎ ድምፁን መስማት፣ ቤቱ ድረስ መሄድ፣ ወደ ሐኪም አብሮ መሄድ ነው።

መልእክቱ ከተላከ በኋላ መጎዳቱ የሚታወቀው በመልሱ ነው። ወትሮ ረጅም የምትጽፍ ሴት «እሺ አመሰግናለሁ» ብቻ ካለች፣ ወይም ከመልስ ይልቅ አንድ የአበባ ምልክት ልካ ዝም ካለች፣ ወይም ደግሞ በዚያው ቀልድ ራሷን አብዝታ ማጣጣል ከጀመረች፣ አንድ ነገር ተነክቷል። ወዲያው ረጅም ይቅርታ መጻፍ ነገሩን ያብሰዋል፤ ለላኪዋ የሕሊና እረፍት ይሰጥ ይሆናል፣ ተቀባይዋን ግን ልደቷን እየፈራች መሆኗን እንድታምን ያስገድዳታል። ሁለት ቀን ቆይቶ በአጭሩ «ያ ቀልዴ አላማረኝም፣ ይቅርታ» ማለትና ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ መግባት ይበቃል። በቅዳሜው ስልክም ልደቱን የምታነሣው እርሷ ናት። ካነሣች መስማት ነው፤ ካላነሣች ስለ አጥሚቱ፣ ስለ እማዬ ጤና፣ ስለ መድኃኒት ቤቱ ማውራት ነው።